ጨለማው ስክሪን እና አምስቱ ሽቦዎች

በኤስፒአይ ከማይክሮኮንትሮለር ጋር የተገናኘ ትንሽ ስክሪን ምንም ሳያሳይ ሲቀር፣ ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ፕሮግራሙ ስህተት አለመናገሩ ነው። ኮዱ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሠርቶ ያልቃል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። ምክንያቱ ያለው በመገናኛ ዘዴው አሠራር ውስጥ ነው። አይቱሲ በተባለው ሌላው የተለመደ ዘዴ ተቀባዩ ከእያንዳንዱ ባይት በኋላ አንድ የማረጋገጫ ቢት ይመልሳል፤ ስክሪኑ ካልተገኘ ፕሮግራሙ ወዲያው ያውቃል። ኤስፒአይ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለውም። ሽቦው ተበጥሶ እንኳ ቢሆን ላኪው መላኩን አያቆምም። ብዙዎቹ ትንንሽ ስክሪኖች ደግሞ መልስ የሚልኩበት ሽቦ ጭራሽ የላቸውም።

ስለዚህ በላኪውና በተቀባዩ መካከል በእውነት ምን እንዳለፈ ለማወቅ ከሁለቱም ውጭ የሆነ ተመልካች ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ሎጂክ አናላይዘር ነው። መሣሪያው በየሽቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑን በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ እያየ ይመዘግባል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ መዝገቡን በሥዕል ያሳያል፣ ወደ ባይትም ይቀይረዋል። ከዚህ በታች አጠቃቀሙ በአንድ በጣም በተለመደ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ይኸውም ኤስኤስዲ1306 በተባለ ቺፕ የሚሠራው፣ 128 በ64 ነጥብ ያለው ኦሌድ ነው። ላኪው ራስቤሪ ፓይ ፒኮ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በማይክሮፓይተን ተጽፏል።

ስክሪኑ የሚያዳምጣቸው መስመሮች

ይህ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ፒን አለው። ሁለቱ የኃይል ናቸው፤ የቀሩት አምስቱ ምልክት ያመጣሉ። በሰሌዳው ላይ `D0`፣ `D1`፣ `RES`፣ `DC` እና `CS` ተብለው ተጽፈዋል።

`D0` ክሎኩ ነው። ይህ መስመር ከዝቅ ወደ ከፍ በወጣ ቁጥር ስክሪኑ በ`D1` ላይ ያለውን አንድ ቢት ያነባል። ስምንት ጊዜ ሲያነብ አንድ ባይት ይሞላል፤ መጀመሪያ የሚመጣው ትልቁ ቢት ነው። `CS` ስክሪኑ እየተጠራ መሆኑን የሚነግረው መስመር ነው። `CS` ዝቅ ካላለ ስክሪኑ በክሎኩና በዳታው ሽቦዎች ላይ የሚሆነውን ሁሉ ችላ ይላል። `RES` ሪሴት ነው፤ ዝቅ ብሎ እስከቆየ ድረስ ቺፑ ምንም አይቀበልም፣ ሲለቀቅም በመነሻ ሁኔታው፣ ማለትም ስክሪኑ እንደጠፋ ይነሳል።

ለስክሪኖች ልዩ የሆነው መስመር `DC` ነው። ስክሪኑ የደረሰው ባይት ትእዛዝ ይሁን ወይስ የሥዕል ዳታ የሚለየው በዚህ መስመር ብቻ ነው። ዝቅ ካለ ባይቱ ትእዛዝ ነው፤ ከፍ ካለ ወደ ሥዕል ማስታወሻው ይገባል። `AF` የተባለው ባይት በትእዛዝነት ሲመጣ ስክሪኑን ያበራል፤ በዳታነት ሲመጣ ግን ስምንት ነጥቦች የትኞቹ እንደሚበሩና የትኞቹ እንደሚጠፉ ከመግለጽ ያለፈ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ባይቶቹ ሁሉ ትክክል ሆነው፣ በዚህ አንድ መስመር ምክንያት ብቻ ስክሪኑ ጨለማ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያውን ማገናኘት

አናላይዘሩ ከመያያዙ በፊት ሁለት ነገሮች በመልቲሜትርና በዓይን ይታያሉ። አንደኛው በስክሪኑ የኃይል ፒኖች መካከል 3.3 ቮልት መኖሩ ነው። ሁለተኛው በሰሌዳው ጀርባ ያሉት ትንንሽ ሬዚስተሮች ናቸው። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ለኤስፒአይም ለአይቱሲም ስለሚሠሩ፣ ምርጫው የሚወሰነው እነዚህ ሬዚስተሮች በተበየዱበት ቦታ ነው። ለአይቱሲ የተዘጋጀ ሰሌዳ የኤስፒአይ መልእክት የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን አይገባውም።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚያያዘው ግራውንድ ነው። አናላይዘሩ ከፍታና ዝቅታን የሚለካው ከራሱ ግራውንድ አንጻር ስለሆነ፣ የጋራ ግራውንድ ከሌለ የሚመዘገበው የማይታመን ነው። አምስቱ የምልክት መስመሮች በቅደም ተከተል ከአምስት ቻናሎች ጋር ይያያዛሉ። በ`PulseView` ፕሮግራም ላይ ቻናሎቹ ከ`D0` እስከ `D7` ስለሚባሉ፣ የስክሪኑ `D0` ከቻናል `D0`፣ `D1` ከ`D1` ይገናኛል፤ `RES`፣ `DC` እና `CS` ደግሞ በሦስቱ ተከታይ ቻናሎች ላይ ይውሉና በፕሮግራሙ ውስጥ በየስማቸው ይሰየማሉ።

መንጠቆዎቹ የሚያዙት በፒኮው በኩል ሳይሆን በስክሪኑ ፒኖች ላይ ነው። ቦታው ለውጥ አለው። በፒኮው ፒን ላይ የሚታየው የተላከው ነው፤ በስክሪኑ ፒን ላይ የሚታየው የደረሰው ነው። የተበጠሰ ሽቦ፣ ያልያዘ የብሬድቦርድ ቀዳዳ፣ ወይም ቦታ የተቀያየረ ገመድ ካለ በሁለቱ መካከል ልዩነት ይፈጠራል፤ የሚፈለገውም ስክሪኑ ራሱ የሚያየው ነው።

ፍጥነቱን ማስተካከል

ብዙ ሰው እጅ የሚገባው ርካሹ ባለ ስምንት ቻናል አናላይዘር በሰከንድ እስከ 24 ሚሊዮን ናሙና ይወስዳል። የማይክሮፓይተን የ`ssd1306` ድራይቨር ደግሞ ክሎኩን 10 ሜጋኸርዝ አካባቢ እንዲሄድ ያዘዋል። ይህ ማለት ለአንድ ቢት የሚደርሰው ሁለት ናሙና ገደማ ነው። በዚህ መጠን አንዳንድ የክሎክ ምቶች በሁለት ናሙናዎች መካከል ያመልጣሉ፤ አንድ ምት ባመለጠ ቁጥርም ከዚያ በኋላ ያሉት ቢቶች በአንድ ቦታ ይንሸራተታሉ። ያኔ ስህተቱ የመሣሪያው ሆኖ ሳለ የስክሪኑ ይመስላል። ናሙናው ቢያንስ የክሎኩ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ አሥር እጥፍ ከሆነ ደግሞ ንባቡ ምቹ ይሆናል።

መፍትሔው ለምርመራው ጊዜ ክሎኩን ማዘግየት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። `SPI` ሲከፈት የሚሰጠው `baudrate` አይሠራም፤ ድራይቨሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ ወይም የዳታ ጉዞ ከመላኩ በፊት በራሱ ቁጥር ይተካዋል። መቀየር ያለበት በድራይቨሩ ፋይል ውስጥ ያለው መስመር ነው፦

```python
self.rate = 1000000   # 10 * 1024 * 1024 የነበረው
```

ክሎኩ 1 ሜጋኸርዝ ሲሆን ናሙናው በሰከንድ 12 ሚሊዮን ቢደረግ ለእያንዳንዱ ቢት 12 ናሙና ይደርሳል። ከዚያ መቅዳቱ ለሦስት ሰከንድ እንዲቆይ ይደረግና፣ መቅዳት ከተጀመረ በኋላ ፕሮግራሙ እንደገና ይነሳል። ዋናው ነገር መጀመሪያው እንዳያመልጥ ነው። ስክሪኑ እንዲበራ የሚያደርጉት ትእዛዞች የሚላኩት ፕሮግራሙ ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነውና።

ከባይት በፊት ቅርጽ

የተቀዳው ሥዕል ሲከፈት ወዲያው ወደ ባይት ለመቀየር አይቸኮልም። ቅርጹ ብቻውን ብዙ ይናገራል። አምስቱም መስመሮች ቀጥ ብለው ከተኙ ፕሮግራሙ ወደ ስክሪኑ ክፍል አልደረሰም፣ ወይም የታዘዙት ፒኖች ሌሎች ናቸው። ክሎኩ እየመታ `D1` ካልተንቀሳቀሰ፣ የዳታው ሽቦ የተሰካው መላኪያ ባልሆነ ፒን ላይ ነው። `CS` ከፍ እንዳለ ከቆየ ስክሪኑ አልተጠራም። `RES` ዝቅ እንዳለ ከቆየ ስክሪኑ በሪሴት ተይዟል።

በዚህ ድራይቨር ጤናማው ቅርጽ የታወቀ ነው። መጀመሪያ `RES` ለ10 ሚሊሰከንድ ያህል ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ቀጥሎ `DC` ዝቅ እንዳለ ሃያ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነጠላ ባይቶች ይመጣሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ `CS` ይወርዳል፣ ይወጣል። በመጨረሻ `DC` ከፍ ይልና አንድ ረጅም የ1024 ባይት ጉዞ ይከተላል። 128 በ64 ነጥብ በስምንት ሲካፈል 1024 ይሆናል፤ በ1 ሜጋኸርዝ ይህ ጉዞ ከ8 ሚሊሰከንድ ትንሽ ይበልጣል።

ወደ ባይት መቀየር

በ`PulseView` ላይ የ`SPI` ዲኮደር ይጨመርና ክሎኩ፣ ዳታውና `CS` የትኞቹ ቻናሎች እንደሆኑ ይነገረዋል። ቀጥሎ የክሎኩ ዓይነትና የቢቱ ቅደም ተከተል ይመረጣሉ። ለኤስኤስዲ1306 `CPOL` 0፣ `CPHA` 0፣ ትልቁ ቢት ቀዳሚ፣ ባለ ስምንት ቢት ነው። እነዚህ ምርጫዎች የሚወሰዱት ከስክሪኑ ቺፕ ሰነድ ነው፤ ከፕሮግራሙ አይወሰዱም። ዲኮደሩ ከፕሮግራሙ ጋር እንዲስማማ ከተደረገ፣ ፕሮግራሙ በተሳሳተ ዓይነት ቢልክም እንኳ የሚነበበው ባይት ትክክል ይመስላል። በስክሪኑ ሕግ ከተነበበ ግን ስክሪኑ የሚረዳው ነገር ይገለጣል።

የመጀመሪያው ባይት ጥሩ መፈተኛ ነው። ድራይቨሩ የሚጀምረው `AE` በተባለው ስክሪኑን በሚያጠፋ ትእዛዝ ነው፤ በሁለትዮሽ ሲጻፍ `10101110` ይሆናል። በቦታው `75` ከተነበበ ቢቶቹ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጠው እየመጡ ነው። `57` ወይም `5C` ከተነበበ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቢት ተንሸራቷል፤ የክሎኩ ዓይነት አልገጠመም፣ ወይም ናሙናው አንሷል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ የተለያየ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ግራውንዱና ናሙናው እንደገና መታየት አለባቸው።

የቀሩት ትእዛዞች ሁሉ በቃል መታወቅ አያስፈልጋቸውም። ሦስቱን መፈለግ ይበቃል። `A8` ከዚያ `3F` ስክሪኑ 64 ረድፍ እንዳለው ይናገራል። `8D` ከዚያ `14` በቺፑ ውስጥ ያለውን ቻርጅ ፓምፕ ያስነሳል። ኦሌዱ እንዲበራ ከ3.3 ቮልት የበለጠ፣ 7.5 ቮልት ገደማ ያስፈልገዋል፤ በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ያንን የሚያመነጨው ይህ ፓምፕ ነው። በ`14` ፋንታ `10` ከመጣ ፓምፑ አይነሳም፣ ስክሪኑም ጨለማ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ድራይቨሩ ከውጭ ኃይል የሚመጣለት መስሎት ሲሠራ ነው። ሦስተኛው `AF`፣ ማለትም የማብራት ትእዛዝ ነው።

አንድ ብልሽት በቅርብ ሲታይ

ሽቦዎቹ ሁሉ በትክክል ተሰክተዋል እንበል። የስክሪኑ `DC` ከፒኮው 20፣ `RES` ከ21፣ `CS` ከ17፣ ክሎኩ ከ18፣ ዳታው ከ19 ጋር ተገናኝቷል። ፕሮግራሙም ይህ ነው፦

```python
from machine import Pin, SPI
import ssd1306
spi = SPI(0, sck=Pin(18), mosi=Pin(19))
oled = ssd1306.SSD1306_SPI(128, 64, spi,
        Pin(21), Pin(20), Pin(17))
oled.text("SELAM", 0, 0)
oled.show()
```

ፕሮግራሙ ያለ ስህተት ያልቃል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሽቦዎቹ ደጋግመው ቢታዩም ምንም አይገኝባቸውም።

በአናላይዘሩ ላይ ዲኮደሩ `AE`፣ `20`፣ `00` እያለ ይጀምራል፤ `A8` እና `3F` አሉ፤ መጨረሻ አካባቢ `8D`፣ `14`፣ `AF` በተራቸው ይታያሉ። ባይት የጎደለ ወይም የተገለበጠ የለም። እዚህ ላይ የቆመ ሰው ስክሪኑ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን የ`SPI` ዲኮደሩ የሚያነበው ክሎኩን፣ ዳታውንና `CS`ን ብቻ ነው። `DC` እና `RES` ከሕጉ ውጭ የተጨመሩ መስመሮች ስለሆኑ በዓይን መነበብ አለባቸው።

እነሱ ሲታዩ ነገሩ ይገለጣል። በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የ10 ሚሊሰከንድ የሪሴት ዝቅታ በ`RES` ላይ የለም፤ ያለው `DC` በተባለው ቻናል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ `DC` እስከ መጨረሻው ከፍ እንዳለ ይቆያል። `RES` ደግሞ ትእዛዞቹ በሚላኩበት ጊዜ ሁሉ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከፍ የሚለው የ1024 ባይቱ ጉዞ ሲጀምር ነው። ሁለቱ መስመሮች አንዱ የሌላውን ሥራ እየሠሩ ናቸው።

ስክሪኑ የደረሰው ከዚህ ይታወቃል። ትእዛዞቹ ሁሉ የመጡት በሪሴት ተይዞ ሳለ ስለሆነ አንዱንም አልተቀበለም። ከሪሴት ሲለቀቅ በመነሻ ሁኔታው፣ እንደጠፋ ተነሳ። የሥዕሉ ዳታ ደረሰው፤ ወደ ማስታወሻውም አስገባው። `AF` ግን ስላልሰማ ሥዕሉን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም። ኃይሉም፣ ሽቦውም፣ ባይቱም ትክክል ሆኖ ስክሪኑ የጨለመው ለዚህ ነው።

ጥፋቱ ያለው በፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ድራይቨሩ ከ`spi` ቀጥሎ የሚጠብቀው መጀመሪያ `dc`፣ ከዚያ `res`፣ ከዚያ `cs` ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ግን 21 ቀድሞ 20 ተከትሏል። በቦታ ሳይሆን በስም ከተሰጡ እንዲህ ያለ መቀያየር ቦታ አያገኝም፦

```python
oled = ssd1306.SSD1306_SPI(128, 64, spi,
        dc=Pin(20), res=Pin(21), cs=Pin(17))
```

ከእርማቱ በኋላ ቅጂው እንደገና ሲወሰድ የሪሴቱ ዝቅታ ወደ `RES` ይመለሳል፤ `DC` በትእዛዝ ጊዜ ዝቅ፣ በዳታ ጊዜ ከፍ ይላል። የ1024 ባይቱ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይታያል። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ `00` ነው፤ ድራይቨሩ ሲነሳ ስክሪኑን የሚያጸዳበት ነው። ሁለተኛው `oled.show()` የላከው ነው፤ አምስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ስምንት ባይት ስለሚይዙ፣ ዜሮ ያልሆኑት ባይቶች የሚገኙት በመጀመሪያዎቹ 40 ውስጥ ነው። ሁለተኛው ጉዞ ከሌለ ወይም እሱም ሙሉ በሙሉ `00` ከሆነ፣ ስክሪኑ በትክክል ባዶ ሥዕል እያሳየ ነው፤ መስተካከል ያለበትም የሚሥለው የፕሮግራሙ ክፍል ነው።

ሁሉም ትክክል ሆኖ አሁንም ሲጨልም

ባይቶቹም መስመሮቹም ትክክል ሆነው ስክሪኑ ካልበራ፣ የመጨረሻው ፈተና `A5` የተባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ በማስታወሻው ውስጥ ያለውን ሥዕል ሳይመለከት ነጥቦቹን ሁሉ ያበራል።

```python
oled.write_cmd(0xA5)
```

ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ከበራ ቺፑም ፓምፑም ደህና ናቸው፤ ጉድለቱ በሥዕሉ ዳታ ላይ ነው። አናላይዘሩ በስክሪኑ ፒን ላይ `A5` በ`DC` ዝቅታ መድረሱን፣ ከእሱም በፊት `8D`፣ `14` እና `AF` መኖራቸውን እያሳየ ስክሪኑ ከጨለመ ግን፣ ፕሮግራሙ ከዚህ በላይ የሚያደርገው የለም። የሚቀረው ኃይሉ፣ የሰሌዳው ሬዚስተሮች ወይም ስክሪኑ ራሱ ነው።

አናላይዘሩ የማያየውም መታወቅ አለበት። ለእሱ ሁሉ ነገር ከፍ ወይም ዝቅ ነው። በመሐል የሚንገላታ ቮልቴጅን ወደ አንዱ ይመድበዋል፤ ስክሪኑ ደግሞ ወደ ሌላው ሊመድበው ይችላል። ረጅም ሽቦ ላይ የሚፈጠር መንቀጥቀጥም በሥዕሉ ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ መስሎ ይታያል። ይህን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው። ኦሲሎስኮፕ በሌለበት አንድ ቀላል ምልክት አለ፦ ስክሪኑ በ1 ሜጋኸርዝ ሠርቶ በ10 ሜጋኸርዝ ከጨለመ፣ ሽቦዎቹን ማሳጠር ያስፈልጋል። ቺፑ በሰነዱ መሠረት የሚቀበለው ከፍተኛ ፍጥነት 10 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ ረጅም የብሬድቦርድ ሽቦ ጫፉ ላይ ላለው ለዚህ ፍጥነት የሚተርፍ ዕድል አይሰጥም። ስክሪኑ አናላይዘሩ ሲያያዝ በርቶ ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በፒኮውና በስክሪኑ መካከል ያለው የግራውንድ ሽቦ ነው፤ አናላይዘሩ የራሱን ግራውንድ አውሶት ሊሆን ይችላልና።

የምርመራው ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነው፦ ኃይሉን መለካት፣ በስክሪኑ ፒኖች ላይ መያያዝ፣ ክሎኩን ማዘግየት፣ ቅርጹን ማየት፣ ባይቶቹን በስክሪኑ ሕግ ማንበብ፣ በመጨረሻም ዲኮደሩ የማያነባቸውን `DC` እና `RES` ከባይቶቹ ጎን ለጎን መመልከት። አዲስ ስክሪን ለመግዛት ከመወሰን በፊት ይህ የመጨረሻው እርምጃ መታለፍ የለበትም።